በሩ ከተዘጋ በኋላ፦ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ለኦዲት ኮሚቴ ምን ይናገራል?

የኦዲት ኮሚቴው ስብሰባ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አየት አድርገው «እንግዲህ እናመሰግናለን፤ ከዚህ በኋላ ለብቻችን እንሆናለን» ይላሉ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ይነሳሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀታቸውን ሰብስበው ይከተላሉ፤ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ረስተው ከሆነ ልምድ ያለው ሰብሳቢ አስጠርቶ ያስረክባቸዋል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ ጸሐፊም ትወጣለች። በሩ ይዘጋል። ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት ሦስት ወይም አራት የኮሚቴ አባላትና አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ብቻ ናቸው። ያ ሠራተኛ የውስጥ ኦዲት ዋና ኃላፊው ነው።

ከደጅ ለቆመ ሰው ነገሩ ሐሜት ይመስላል። «እኛን አስወጥተው ስለ እኛ ሊያወሩ ነው» የሚል ቅሬታ በየድርጅቱ ይሰማል፤ ቅሬታው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ይህ ዝግ ስብሰባ ከብዙ መራራ ልምድ በኋላ የመጣ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው አሠራር ነው። እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰበር እንመልከት።

ኦዲት ኮሚቴ የሚባለው ማን ነው?

ባለአክሲዮኖች ገንዘባቸውን በየቀኑ የሚያስተዳድሩትን ሰዎች ራሳቸው መከታተል ስለማይችሉ ቦርድ ይመርጣሉ። ቦርዱ ደግሞ ከአባላቱ ጥቂቶቹን ለይቶ ሒሳቡን፣ የቁጥጥር ሥርዓቱንና የኦዲተሮቹን ሥራ እንዲከታተሉ ያደርጋል። እነዚህ ናቸው ኦዲት ኮሚቴ የሚባሉት። በድርጅቱ ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ የላቸውም፤ የሚያውቁትም የሚነገራቸውን ያህል ነው።

የሚነግሯቸው ደግሞ ሦስት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ሥራውን የሚመራው ማኔጅመንት ነው። ሁለተኛው የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ መርምሮ አስተያየት የሚሰጠው የውጭ ኦዲተር ነው። ሦስተኛው ዓመቱን ሙሉ ድርጅቱ ውስጥ እየዞረ ብድሩን፣ ግዥውን፣ መጋዘኑን፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱን የሚፈትሸው የውስጥ ኦዲት ነው። ከሦስቱ የሚመረምረው ሰው ዓይን ሥር እየዋለ ከዚያው ድርጅት ደመወዝ የሚበላው የውስጥ ኦዲተሩ ነው።

የሰፈር ዕድር ይህን ችግር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሒሳብ ተቆጣጣሪው የገንዘብ ያዡ ጎረቤት ነው፤ ልጆቻቸው አብረው ይማራሉ፤ ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ። ጉባኤው ተሰብስቦ ገንዘብ ያዡ ፊት ለፊት በተቀመጡበት «ሒሳቡ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደህና ነው» ይላል። ሁለት ደረሰኞች ሳይገኙ መቅረታቸውን የሚናገረው ሊቀ መንበሩ ማምሻውን መንገድ ላይ ለብቻው ሲያገኙት ነው። ተቆጣጣሪው ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ደረሰኞቹ ነገ ሊገኙ ይችላሉ፤ በሰው ፊት ጎረቤቱን ሌባ ማስመሰል አልፈለገም። ዝግ ስብሰባ ያንን የመንገድ ላይ ወሬ አጀንዳ ላይ ማስፈር ነው።

አንድ ሰው ለሁለት አለቃ እንዴት ይሠራል?

የውስጥ ኦዲት ኃላፊው ተጠሪነት ለሁለት ይከፈላል። የዓመት ፈቃዱን፣ የቢሮውን፣ የመኪናውን፣ የወር ደመወዙን ጉዳይ የሚጨርሰው ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ጋር ነው። የሚመረምረውን የሚወስነው ግን ኮሚቴው፣ በኮሚቴውም በኩል ቦርዱ ነው። የኦዲት ዕቅዱን፣ በጀቱን፣ ሥልጣኑን የሚዘረዝረውን ቻርተር ያጸድቃል፤ የእሱ ቅጥር፣ ስንብትና ክፍያም ያለ ኮሚቴው ዕውቅና አይወሰንም።

ይህ አከፋፈል ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። እውነተኛው ፈተና ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ የፋይናንስ ኃላፊው «ይህን ምርመራ ለጊዜው አቆየው» ቢሉት፣ የውስጥ ኦዲት ኃላፊው በማግስቱ ለማን ይደውላል? ስልኩ ውስጥ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቁጥር አለ? ደውሎላቸውስ ያውቃል?

ይህ ጥያቄ ከምናብ የመጣ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ክሊንተን በምትባል ትንሽ ከተማ ቃል በቃል ሆኗል።

ወርልድኮም ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ወርልድኮም በጊዜው ከአሜሪካ ግዙፍ የረጅም ርቀት ስልክ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። የደንበኞቹን ጥሪ ለማስተላለፍ ለሌሎች የስልክ ኩባንያዎች የመስመር ኪራይ ይከፍላል። ኪራይ ወጪ ነው፤ በተከፈለበት ጊዜ ከትርፍ ላይ ይቀነሳል። ትርፉ እያነሰ ሲመጣ ግን የፋይናንስ ኃላፊው ስኮት ሱሊቫን ከኪራዩ ብዙውን እንደ ንብረት ግዥ አስመዘገቡ። አንድ ሰው የቤት ኪራዩን እየከፈለ በመዝገቡ ላይ ግን «በዚህ ወር የቤት አንድ ክፍል ገዛሁ» ብሎ እንደሚጽፍ ማለት ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሀብታም ሆኗል።

የውስጥ ኦዲቱን የሚመሩት ሲንቲያ ኩፐር ነበሩ። ወደ ኦዲት ኮሚቴው የሚያደርስ መስመር በወረቀት ላይ ቢኖራቸውም በዕለት ተዕለት ሥራ ተጠሪነታቸው ለዚያው ለሱሊቫን ነበር። ክፍላቸውም በአብዛኛው የሚሠራው የአሠራር ቅልጥፍና ምርመራ እንጂ የሒሳብ መግለጫ ፍተሻ አልነበረም።

የመጀመሪያው ግጭት የመጣው በማርች 2002 ነው። የሽቦ አልባ ስልክ ክፍሉ ከደንበኞች ላይሰበሰብ ይችላል ብሎ የያዘውን 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መጠባበቂያ ሱሊቫን ወስደው ትርፍ ለመደገፍ ሊጠቀሙበት መሆኑን የክፍሉ ኃላፊ ለኩፐር ነገሯቸው። ኩፐር ጉዳዩን ወደ ኦዲት ኮሚቴው ወሰዱት። ሱሊቫን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በኩፐር ላይ ግን ተቆጡ፤ ዳግመኛ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ውስጥ እንዳይገቡም አስጠነቀቋቸው። ኩፐር ከዚህ ማስጠንቀቂያ የወሰዱት ትርጉም ሱሊቫን የፈለጉትን አልነበረም። ቡድናቸው ሌሊት ሌሊት የሒሳብ መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ፤ ሰነድ የሌላቸው ግዙፍ ምዝገባዎችም ተራ በተራ ብቅ አሉ።

ጁን 11 ሱሊቫን ኩፐርን ጠርተው ምርመራው እስከ ሦስተኛው ሩብ ዓመት እንዲቆይ ጠየቁ። ኩፐር እንደማያቆሙ ነገሯቸው። በማግስቱ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ማክስ ቦቢት ጉዳዩ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ኩፐር ከሰብሳቢውና አርተር አንደርሰንን የተካው የውጭ ኦዲተር የኬፒኤምጂ ተወካይ ጋር ክሊንተን ውስጥ አንድ ሆቴል ተገናኙ። ከኩባንያው ቢሮ ውጭ፣ ያለ ማኔጅመንት የተደረገ ዝግ ስብሰባ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ዴቪድ ማየርስ ለምዝገባዎቹ የሒሳብ አሠራር ድጋፍ እንደሌለ ለኩፐር አመኑ። ጁን 20 ኮሚቴው ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ ሱሊቫን ማብራሪያ እንዲያቀርቡ ጥቂት ቀናት ሰጣቸው። ማብራሪያው አላሳመነም። ጁን 25 ኩባንያው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ወጪ በስሕተት ንብረት ተብሎ መመዝገቡን ለዓለም አስታወቀ፤ የመጨረሻው የተዛባ ሒሳብ መጠን በኋላ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ጁላይ 21 ወርልድኮም የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ።

ከታሪኩ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ዝርዝር ግን ከቢሊዮኖቹ ያነሰ ነው። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው ልዩ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት የወርልድኮም ኦዲት ኮሚቴ በዓመት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ የተሰበሰበባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ጽፏል። በዓመት አራት ስብሰባ ቢኖር ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። አንድ ሰዓት ውስጥ የማኔጅመንት ማብራሪያ፣ የውጭ ኦዲተር ገለጻና የውስጥ ኦዲት ሪፖርት ተጨምቆ ሲያልፍ፣ ለብቻ ተቀምጦ «ሌላስ?» የሚባልበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ኩፐር በጁን ያደረጉት በድፍረታቸው እንጂ በተዘረጋ አሠራር አልነበረም።

አሜሪካ ከዚያ በኋላ ነገሩን ለሰው ድፍረት አልተወችም። የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ጁላይ 30 ቀን 2002 ተፈረመ። በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ደንብ ደግሞ ኦዲት ኮሚቴዎች ከማኔጅመንት፣ ከውስጥ ኦዲተሮችና ከውጭ ኦዲተሮች ጋር በየጊዜው ለየብቻ እንዲገናኙ ግዴታ አደረገ። የውስጥ ኦዲተሮች ዓለም አቀፍ ደረጃም ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል። ከጃኑዋሪ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደረጃ የኦዲት ኃላፊው ከፍተኛ ማኔጅመንት በሌለበት ከቦርዱ ጋር ሊነጋገር እንደሚገባ ያስቀምጣል።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ምን ይደረጋል?

ዝግ ስብሰባውን ብቻውን ነጥሎ ማየት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የሚጠቅሙት ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ወራት በትክክል ከተሠሩ ነው። ለማየት እንዲመች አንድ ባንክ በምናባችን እንያዝ።

የባንኩ የውስጥ ኦዲት በጥቅምት ወር አንድ ግኝት አወጣ፦ ለትልልቅ ብድሮች በመያዣነት የተያዙ ሕንፃዎች ግምታቸው በመመሪያው በተቀመጠው ጊዜ አልታደሰም። ረቂቁ በመጀመሪያ ለብድር መምሪያው ተላከ፤ መምሪያው ስሕተት አለበት የሚለውን እንዲያርም፣ መልሱንም እንዲጽፍ ዕድል ተሰጠው። መምሪያው ግኝቱን ተቀብሎ «እስከ ታኅሣሥ እናስተካክላለን» አለ። ታኅሣሥ ሲደርስ ቀኑ ወደ መጋቢት ተገፋ። በመጋቢት ደግሞ ወደ ሰኔ።

ለኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ የሚቀርበው ሪፖርት ስብሰባው ሊደረግ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ለአባላቱ ይደርሳል። ጥሩ ሪፖርት አጭር ነው። ከዕቅዱ ምን ያህሉ እንደተሠራና ያልተሠራው ለምን እንዳልተሠራ፣ ከባድ የሆኑትን ግኝቶች፣ ቀነ ገደባቸው ያለፈ እርምጃዎችን ይናገራል። ከሁሉም አስቀድሜ የማነበው ይህን የመጨረሻውን ሠንጠረዥ ነው፤ አዲስ ግኝት የድርጅቱን ችግር ያሳያል፣ ሦስት ጊዜ የተገፋ ቀን ግን የሰዎቹን ፍላጎት ያሳያል። በእኛ ባንክ ሪፖርት ላይ የመያዣ ግምቱ ጉዳይ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ መጀመሪያ የተቀመጠው ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደተገፋ፣ አሁን ያለው ቀን።

ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ የኦዲት ኃላፊው ለሰብሳቢው ይደውላል። ይህ የስልክ ጥሪ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ አይታይም፤ ግማሹ ሥራ ግን እዚህ ያልቃል። ሰብሳቢው የትኛው ጉዳይ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ምን ብለው ቢጠይቁ መልስ እንደሚወጣ፣ የትኛው በሁሉም ፊት፣ የትኛው ለብቻ እንደሚነሳ ያውቃሉ።

አንድ ሌላ ጥሪም አለ፤ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው። «የመያዣ ግምቱን ጉዳይ ለኮሚቴው ላነሳ ነው፤ የጠየቅናቸው የመያዣ ፋይሎች መዘግየታቸውንም እናገራለሁ» ይላቸዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ዝግ ስብሰባው ታዲያ ምን ዝግ ነው? ዝግነቱ ነጻ ሆኖ ለመናገር እንጂ ሰውን ከኋላ ለመውጋት አይደለም። ሥራ አስፈጻሚው ያልሰሙትን ነገር ኮሚቴው አስቀድሞ ከሰማው፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ፋይል የሚሰጠው ሰው አይኖርም። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆነው ጉዳዩ ራሳቸውን ሥራ አስፈጻሚውን የሚመለከት ሲሆን፣ ወይም ቀድሞ መናገር ማስረጃ የሚያጠፋ ሲሆን ነው። ኩፐር ሱሊቫንን አስፈቅደው ወደ ቦቢት አልሄዱም፤ ተጠያቂው እሳቸው ነበሩና።

በሩ ከተዘጋ በኋላስ?

ወደ ባንካችን እንመለስ። በግልጹ ስብሰባ ላይ የብድር መምሪያ ኃላፊው «የኮምፒውተር ሥርዓታችን እየተቀየረ ስለሆነ ነው የዘገየነው» ብለው አስረድተዋል። ምክንያቱ ያሳምናል፤ አባላቱም ራሳቸውን ነቅንቀዋል። በሩ ሲዘጋ ሰብሳቢው «ሥርዓቱ ነው ያሉት እውነት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ደካማ የኦዲት ኃላፊ እዚህ ላይ «እሳቸው ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው» ብሎ ይጀምራል። ጎበዙ የሚናገረው እንዲህ ነው፦

«ሥርዓቱ መቀየሩ እውነት ነው፤ የመያዣ ግምት ግን በወረቀት ፋይል ነው የሚያዘው፤ አይገናኝም። ባለፉት ስምንት ሳምንታት 40 ፋይል ጠይቀን 26 ደርሶናል። ያልደረሱን 14 ፋይሎች የሁለት ደንበኞች ናቸው። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀናል፤ ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ሠራተኞቹ እንዳይሰጡ በቃል ታዘናል ብለዋል። ማጭበርበር አለ እያልኩ አይደለም፤ ፋይሎቹን ሳላይ አላውቅም። የምጠይቀው ፋይሎቹ እንዲሰጡኝ ነው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። ያየው አለ፤ ከሌላ ሰው የሰማው ተለይቶ ተነግሯል፤ የማያውቀው በግልጽ ተነግሯል፤ ኮሚቴው ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግም ተነግሯል። የሰው ጠባይ ላይ የተሰጠ ፍርድ የለበትም። ይህን በግልጹ ስብሰባ ላይ መናገር ለምን ከበደው? «በቃል ታዘናል» ያሉት ጀማሪ ሠራተኞች በማግስቱ ይታወቁ ነበርና።

ሁልጊዜ እንዲህ የሚያስደነግጥ ነገር አይኖርም። ባብዛኛው ዝግ ስብሰባ የሚያልፈው አሰልቺ በሚመስሉ ጥያቄዎች ነው። ማየት የፈለግህ ሆኖ ያላየኸው ነገር አለ? ሪፖርትህ ላይ ቃል እንድትቀይር የጠየቀህ ሰው አለ? ሠራተኛህና በጀትህ ለዕቅዱ ይበቃሉ? የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች አቅም እንዴት ነው? የውጭ ኦዲተሩ ሥራህን እንዴት ይጠቀምበታል? ጥሩ ሰብሳቢ ከሁሉም በኋላ «ሳልጠይቅህ የቀረሁት ምንድን ነው?» ብለው ጥቂት ዝም ይላሉ። ዝምታውን መታገሥ ከባድ ነው፤ የሚፈለገው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ማኔጅመንቱ «እናውቃለን፤ እንደዚሁ ይቀጥል» ቢልስ?

ይህም ይደርሳል፤ ስሕተትም ላይሆን ይችላል። አንዳንድ አደጋን መከላከል ከአደጋው በላይ ያስወጣል። የኦዲት ኃላፊው ድርጅቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ አደጋ እየተያዘ ነው ብሎ ካመነ መጀመሪያ ከከፍተኛ ማኔጅመንቱ ጋር ይነጋገራል። ካልተግባቡ ጉዳዩን ለኮሚቴው ያቀርባል። እዚያ ሥራው ያበቃል፤ አደጋውን ማስወገድ የእሱ ድርሻ አይደለም። ኮሚቴው ከማኔጅመንቱ ጋር ቢስማማ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል እንጂ የኦዲት ኃላፊው ተሸነፈ አይባልም። ይህን ልዩነት የማይቀበሉ ኦዲተሮች እያንዳንዱን ዝግ ስብሰባ የክስ ችሎት ያደርጉታል፤ ከሦስተኛው በኋላ የሚሰማቸው አያገኙም።

ነገሩ የሚበላሸው የት ነው?

የመጀመሪያው ምልክት አጀንዳው ላይ ይገኛል። «ዝግ ስብሰባ (አስፈላጊ ከሆነ)» የሚል ከተጻፈ ነገሩ አልቆለታል። አስፈላጊ ነው ብሎ እጁን የሚያወጣው ማን ነው? የኦዲት ኃላፊው ሥራ አስፈጻሚው ፊት ለፊት «አዎ፣ እንዲወጡልኝ እፈልጋለሁ» ቢል ገና ምንም ሳይናገር ክስ መሥርቷል። ስለዚህ ዝግ ስብሰባው የሚነገር ነገር ኖረም አልኖረም በየስብሰባው ይደረጋል። ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ማንንም አያስደነግጥም፤ ዓመት ሙሉ ሳይደረግ ቆይቶ አንድ ቀን የተደረገ እንደሆነ ግን ኮሪደሩ ሁሉ ያወራል።

አንድ ጊዜ በማውቀው ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊው ሰብሳቢው «እናመሰግናለን» ሲሉ አልተነሱም። ምናልባት ማብራሪያ ካስፈለገ ብለው ነው፤ ክፋት አልነበራቸውም። ሰብሳቢውም አፍረው ዝም አሉ። የኦዲት ኃላፊዋ «የተለየ የምለው የለኝም» አሉ፤ ስብሰባው በሁለት ደቂቃ አለቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከውስጥ ኦዲት ጋር ዝግ ውይይት ተካሂዷል» ተብሎ ተጻፈ። ከአራት ወር በኋላ ስለዚያው የፋይናንስ ክፍል የወጣውን ጉድ ኮሚቴው ከውጭ ኦዲተሩ ሰማ፤ የኦዲት ኃላፊዋ ግን ያን ዕለት የሚያነሱትን በወረቀት ጽፈው ይዘው ነበር።

ሌላው ብልሽት ከሰብሳቢው ወገን ይመጣል። አንዳንድ ሰብሳቢ ከዝግ ስብሰባው ወጥተው ምሳ ላይ ለሥራ አስፈጻሚው «የኦዲት ሰውዬህ ስለ አንተ እንዲህ አለ» ይላሉ። ይህ አንድ ጊዜ ከሆነ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ እውነት አይነገርም፤ ሪፖርቶቹ እንደቀድሞው ቆንጆ ሆነው ይቀጥላሉ። ማወቂያውም ቀላል ነው፦ በተከታታይ አራት ወይም አምስት ዝግ ስብሰባ «ምንም የለም» ከተባለ፣ ወይ ድርጅቱ መላእክት የሚሠሩበት ነው፣ ወይ የኦዲት ኃላፊው ፈርቷል።

የተነገረው ይጻፋል?

ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው ዝግ ስብሰባው መደረጉ፣ እነማን እንደነበሩና ውሳኔ ተወስኖ ከሆነ ውሳኔው ነው። ቃል በቃል አይጻፍም። ጸሐፊዋ ስለወጣች ማስታወሻ የሚይዙት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው። የኦዲት ኃላፊው ደግሞ ቢሮው ሲመለስ ምን እንዳነሳና ምን እንደተባለ ቀኑን ጽፎ በራሱ ፋይል ቢያኖር ብልህነት ነው፤ ከዓመት በኋላ «አልነገርከንም» የሚል ሊመጣ ይችላልና።

ዝግ ስብሰባው ሲያልቅ የባንካችን ሰብሳቢ ለሥራ አስፈጻሚው የሚሉት አስቀድሞ በኮሚቴው የተስማሙበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኮሚቴው የቀሩትን 14 የመያዣ ፋይሎች ኦዲት በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያያቸው ይፈልጋል።» ጥያቄው የኮሚቴው ሆነ። ማን ምን አለ የሚለው በዚያ ክፍል ቀረ። ፋይሎቹ ተሟልተው ቢገኙ የብድር መምሪያ ኃላፊው ስማቸው አልጠፋም፤ ባይገኙ ደግሞ የኦዲት ኃላፊው ለሚቀጥለው ስብሰባ አይጠብቅም፣ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ለሰብሳቢው ይደውላል።

ከዚያ በሩ ይከፈታል። የሚገባው ግን ማኔጅመንቱ አይደለም፤ ኮሪደሩ ላይ ተራውን ሲጠብቅ የነበረው የውጭ ኦዲተር ነው። የውስጥ ኦዲት ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ በእሱም ጀርባ በሩ ይዘጋል።